ነገ የሌለበት አረብኛ

ሪያድ፣ ሺፋ ሰፈር ውስጥ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ ያለችው ሰዓት የማንም አይደለችም። ማዳም ናዲራ መጋረጃዋን ጋርዳ ትተኛለች፣ ሰፈሩ ይተኛል፣ ድመቶቹ እንኳ መኪና ሥር ገብተው ይተኛሉ። አቧራ ያዘለ ነጭ ብርሃን ግቢው ላይ ይቆማል፤ ከኤሲው የሚወርደው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። በዚያች ሰዓት እኔ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ሀቢብ ደግሞ መኪናው ጥላ ሥር እንቀመጣለን። ሦስት ዓመት ሙሉ ፍቅራችን የኖረው እዚያች ሰዓት ውስጥ ስለነበር፣ ነቅቼ ነው ወይስ በእንቅልፌ እያልኩ የምጠራጠርበት ቀን ብዙ ነው።

ስሜ መኪያ ነው፣ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ የማዳም ናዲራ የቤት ሠራተኛ። ሀቢብ የቤቱ ሹፌር ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሎምቦክ ከምትባል ደሴት ነው የመጣው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም፣ ይኼም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም እኔ የምጮኸው ለሁለታችን ነው። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ የሱን ቋንቋ አላውቅ፤ የምንነጋገረው ባዳ ሠራተኛ ሁሉ በሚግባባበት፣ አረቦቹ ሲሰሙት በሚስቁበት አረብኛ ነው።

ያ አረብኛ ጾታም ጊዜም አያውቅም። ማዳም ስትናገር ግሱ እንደ እባብ ይታጠፋል፤ የሄደችው ሌላ፣ የምትሄደው ሌላ ነው። እኛ ግን «አና ሩህ ሱቅ» ካልን አለቀ፤ እኔ ገበያ መሄድ። ትናንት ከሆነ «አምስ» የምትል ቃል ትቀጥልበታለህ፣ ነገ ከሆነ «ቡክራ»፣ ነገሩ ተፈጽሞ ካለቀ «ኸላስ»። ምንም ካልቀጠልክበት ደግሞ ሰሚው እንደፈለገ ይውሰደው። ወንዱንም ሴቱንም «ኢንተ» ነው የምንለው። ሀቢብ መጀመሪያ ቀን «አና ሁብ ኢንተ»፣ እኔ አንተን መውደድ፣ ሲለኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ የትኛውን ወንድ ነው አልኩት፤ ስቄ ሳላበቃ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ወድጄው ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ዘንድሮ ከረመዳን በኋላ ማዳም ጠርታ ቤቱን ልትዘጋ እንደሆነ ነገረችኝ። ልጇ ዱባይ ሊወስዳት ነው። የኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ስለማይታደስ የመውጫው ቪዛ፣ ኹሩጁ፣ ተመትቶልኝ በስድስት ሳምንት ውስጥ አገሬ እገባለሁ፤ ሀቢብ ግን ውሉ አራት ወር ስለሚቀረው ወንድሟ ጋ ይዛወራል። መልካም ሴት ናት፣ እያዘነች ነው የነገረችኝ። እኔ አልሰማኋትም፤ የማስበው እኔ ኮምቦልቻ፣ እሱ ሪያድ፣ ከዚያ በኋላ እሱ ሎምቦክ የሚለውን ብቻ ነበር።

በዚያች ከሰዓት ሀቢብን አፋጠጥኩት። ዛሬ ትወደኛለህ፣ አውቄዋለሁ፤ ባሕር ተሻግሬ ስሄድስ? ከዓመት በኋላስ? «አና ሁብ ኢንተ ቡክራ» በለኝ አልኩት። የመኪናውን መስታወት መወልወል ጀመረ። ደግሜ ጠየቅኩት። ቡክራ አልልም አለ፤ ሌላ የፈለግሽውን ልበልሽ፣ ቡክራን ግን ተዪው።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ነገን ከአፉ ለማውጣት የሚሰስት ባል ሊሆነኝ ነው? ተነስቼ ገባሁ። ሦስት ቀን ያነጋገርኩት ስለ ሽንኩርትና ስለ ሳሙና ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን እሱው ራሱ በሩ ድረስ መጥቶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እስቲ ስሚኝ አለኝ።

የሱ ቋንቋ ልክ እንደዚያ እንደሚሳቅበት አረብኛ ነው አለኝ፤ ግሱ ከቦታው አይነቃነቅም። «ማካን» መብላት ነው፤ ትናንትም ማካን፣ ዛሬም ማካን፣ ነገም ማካን። ጊዜውን የሚናገሩት አጠገቡ የሚቀመጡ ትናንሽ ቃላት ናቸው፣ እነሱም ካስፈለጉ ብቻ። «ሱዳህ» ካልክ ሆኗል ነው። «በሉም» ካልክ ገና ነው። «ማሲህ» ካልክ ዛሬም እንደዚያው ነው። አግብተሃል ወይ ብለው ሲጠይቁህ «አላገባሁም» ብሎ መድረቅ ነውር ነው፤ ጸጉርህ ሸብቶም ቢሆን «በሉም» ትላለህ፣ በሩን አትዘጋውም። ለወደፊቱም ቃል አላቸው፤ ግን ሰው አፍ ላይ የሚበዛው «ናንቲ» የሚሉት ነው፣ በኋላ ማለት ነው። ናንቲን ደግሞ ለማን እንደሚሉት ነገረኝ፦ ላልተከፈለ ነጋዴ፣ ለሚያለቅስ ሕፃን፣ ደጃፍ ላይ ለቆመ ለማኝ። አባቱና እናቱ አርባ ዓመት ተጋብተው ሲኖሩ፣ እናቱ ለመቀለድ ትወደኛለህ ስትለው አባቱ የሚመልስላት በአንድ ቃል ነው፤ ማሲህ።

ቡክራንስ ማን ነው የሚለው አለኝ። እኔ መመለስ አላስፈለገኝም። ሪያድ ውስጥ ሰባት ዓመት የኖረ ሰው ቡክራን ያውቃታል። ደመወዝ ቡክራ፣ ኢቃማ ቡክራ፣ የጥርስ ሐኪም ቡክራ ኢንሻአላህ። ጉበይራ በሚባለው ሰፈር ያሉ ያገራችን ልጆች ከነሱ አንዱ ሲዋሽ «ቡክራ አበዛ» ነው የሚሉት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት እኮ ነው። ሀቢብ የሚወደኝን ነገር በዚያች በቆሸሸች ቃል ላይ ማስቀመጥ አልፈለገም፤ ገባኝ። ገባኝ እንጂ አልጠገብኩም፣ ሆዴ ያንኑ ነገን ይፈልግ ነበር።

ቢሆንም ታረቅን። ታርቀንም ወደ ዋናው ጉዳይ ገባን፤ ወንድሜን መጠየቅ።

ጋሼ አብዱረሂም ያሳደገኝ ነው። አባታችን ሲሞት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፣ ትምህርቱን ትቶ እህል ተሸክሞ አሳደገኝ። እሱም አንድ ጊዜ ሪያድ መጥቶ ጀራዲያ ሰፈር ከስምንት ሰው ጋር አንድ ክፍል ተኝቶ፣ ሁለት ዓመት ሲሚንቶ ተሸክሞ፣ ተይዞ ተመልሷል፤ የሠራተኛውን አረብኛም ያውቃል። ወሊዬ፣ የሚድረኝ ኃላፊዬ፣ እሱ ነው፤ እሱ ካልዳረኝ ኒካዬ አይታሰርም። ከሱ ቤት በቀር የምገባበት ቤትም የለኝም። ለሀቢብ ቁጥሩን ስሰጠው አንድ በአንድ አስረዳሁት፦ እኛ ጋ ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ስለሌለህ አንተው በትሕትና ትጀምራለህ፤ እህትህን ለትዳር እፈልጋለሁ ትላለህ፤ እሱ ቤተሰብ ላማክር ይልሃል፤ ትጠብቃለህ። ሀቢብ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ተረድቷል ብሎ የሚያምን እንደኔ ያለ ሞኝ ነው።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ ደወለ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በመስኮት አየዋለሁ፣ እሰማዋለሁም፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ለስልክ። ሰላምታውን አሳምሮ ሰጠ፣ ስለ ቤተሰብ ጠየቀ። ከዚያ ወገቡን ቀና አድርጎ እንዲህ አለ፦

«መኪያ ኸላስ፣ ማዳም አና።»

በሠራተኛ አረብኛ ሚስትም ማዳም ናት። መኪያ አለቀ፣ የኔ ሚስት ናት ማለቱ ነው። ወንድሜ ዝም አለ መሰል፣ ሀቢብም ያልሰማው መስሎት ረጋ ብሎ ደገመለት። ኸላስ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ተመለከተው። ተዘግቷል።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የኔ ስልክ ጮኸ። ጋሼ አብዱረሂም ሲቆጣ አይሳደብም፣ ድምፁ ይቀዘቅዛል። «ተወስደሽ ካለቀ በኋላ ነው እንዴ የሚነገረኝ?» አለኝ። «በኛ አገር ይኼ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ቤት እንዳትመጪ።»

ስሙን አውቀዋለሁ። ጠለፋ ነው። ጋሼ ያሰበው፣ ሰውዬው እኔን ክፍሉ አስገብቶ ከጨረሰ በኋላ አማች ሊባል መደወሉን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሉ አንዴ ወጥቷል። ቁሜ ቀረሁ፤ ወጡ አረረ፣ ማዳም ከላይ ምን ሸተተኝ ብላ ተጣራች።

በግቢው መሀል፣ በጠራራው ፀሐይ፣ ሀቢብን ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። በአማርኛ ነበር ደግሞ፣ አንዱንም አልሰማም። ሲደክመኝ ቁጭ አልኩና በሚገባው ቋንቋ ጠየቅኩት፤ ለምን አልጠየቅህም? ለምን ኸላስ አልክ?

ግራ ገብቶት ነበር፣ ፊቱ አመድ መስሏል። እነሱ ጋ፣ ሎምቦክ ገጠር ውስጥ፣ ወንዱ የልጅቷ ቤት ሄዶ ስጡኝ አይልም አለኝ። ልጅት የምትለመን ጫጩት ናት እንዴ? ሁለቱ ከተስማሙ እሷ በፈቃዷ ከቤቷ ትወጣለች፣ ዘመድ ቤት ትቀመጣለች፤ ከዚያ የሰፈሩ ሹም የላካቸው ሰዎች ለአባትየው ሆኗል ብለው ይነግሩታል። አባትየው የሚመዝነው ያንን ነው፤ ይኼ ሰው ቆርጧል ወይስ አልቆረጠም። ወደፊት ላገባት አስባለሁ ብሎ ደጃፍ የሚመጣ ወንድ ገና ከራሱ ጋር ያልጨረሰ ሰው ነው። እኔን ከየትም ሊያወጣኝ አላሰበም፣ በልቡ የጨረሰውን ነው የተናገረው። ለወንድሜ ከሁሉ የከበረውን ቃል መርጦ መስጠቱ ነበር።

«አና ቀልብ ኸላስ» አለኝ ደረቱን እየነካ። ልቤ ጨርሷል።

ጠለፋ ምን እንደሆነ ነገርኩት። በጉልበት የሚወሰዱትን፣ ከዚያ ሽማግሌ ተልኮ አንዴ ሆኗል ተብሎ ዝም የሚሰኙትን። እየሰማኝ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወንድምሽ እኔን እንደዚያ አሰበኝ? አለ። እንደዚያ ነው ያሰበህ አልኩት። ውኃው ከኤሲው ጠብ ጠብ ይላል፣ ብርሃኑ አይነቃነቅም፣ እኔ የማስበው አምስት ሳምንት እንደቀረኝ ነው።

ጋሼ ስልክ አላነሳም። አራት ቀን ደወልኩ። ሚስቱ አንስታ ተይው ይብረድለት አለችኝ። በአምስተኛው ቀን በዚያችው የማንም ባልሆነች ሰዓት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ የድምፅ መልእክት ላኩለት። ያልኩትን እስከዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ።

«ጋሼ፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ የሰውዬውን ክፍል በር ከፍቼ አላውቅም። እናታችን ጎረቤት ስትሄድ በሩ ላይ ሆና ምን ነበር የምትለን? መጣሁ ነበር የምትለን። ገና እግሯ ሳይወጣ መጣሁ ትላለች። ዋሸችን ብለን እናውቃለን? እመጣለሁ ያለችን ለቅሶ ሩቅ አገር ስትሄድ ነው፣ ያን ጊዜ ነው የምናለቅሰው። መጣሁ ካለችን ግን እሳቱን ትተን እንጫወት ነበር፣ በቃ ስለመጣች። ሀቢብ ያለህ ያንን ነው። ያልሆነውን ነገር ሆኗል ያለው ስለማይጠራጠርበት ነው። እኔ ቡክራ በለኝ ብዬ ስለምነው እንኳ እምቢ ያለኝ ሰው ነው።»

ማታውኑ ደወለ። ድምፁ ሞቅ ብሏል። ለረጅም ጊዜ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ልጆቹ አወራኝ። ከዚያ ጀራዲያ እያለ አብሮት የሚሠራ አንድ የባንግላዴሽ ሰው እንደነበር፤ አሠሪው ግድግዳው አልቋል ወይ ሲል ሁሉም ቡክራ ሲሉ እሱ ብቻ ድንጋዩ ገና መሬት ላይ እያለ ኸላስ ይል እንደነበር፣ ያለውንም ፈጽሞ እንደሚያሳይ አጫወተኝ። ስቆ ነበር ሲናገር። «ግን ሽማግሌ ይላክልኝ» አለ። «እሱ በልቡ ቢጨርስ እኔ ገና አልጀመርኩም።»

ተላከለት። ኮምቦልቻ ለሀቢብ ሽማግሌ የሚሆን ማን ይገኛል? ያባታችን ወዳጅ የነበሩት ልብስ ሰፊው አባ ፈይሰል በስልክ ሀቢብን ጠይቀው፣ በሠራተኛ አረብኛ ባይግባቡም ሳቁን ወደውት፣ ወኪሉ ለመሆን ተስማሙ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ቤተሰብ ላማክር ብሎ መለሳቸው፤ ማማከር ያለበት ሚስቱን ብቻ ቢሆንም ወጉ እንዳይጓደል ነው። ሀቢብ የመጠበቅን ነገር በዚያን ጊዜ ተማረ። በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ እኔም እየሳቅሁ በራሱ ቋንቋ «በሉም» እለዋለሁ።

ልሄድ አሥር ቀን ሲቀረኝ ኒካው ታሰረ። እዚያ ጋሼ፣ አባ ፈይሰል፣ ሁለት ምስክርና ሸኹ፤ እዚህ እኔና ሀቢብ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስልኩን መሀል አድርገን። ማዳም ናዲራ ነጭ ሻርፕ ሰጥታኝ በሩ ላይ ቆማለች። ሸኹ እኔን ፈቅደሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ሀቢብንም አባ ፈይሰልን ወክለሃል ወይ ብለው በአረብኛ ጠየቁት። ጋሼ ጉሮሮውን ጠርጎ «መኪያን እድርለታለሁ» አለ።

ሸኹ ቆም በል አሉት። እድራለሁ ቃል መግባት ነው፣ አሉ፤ ቃል የገባ ሰው ሊያፈርስ ይችላል። ኒካ እንደሆነና እንዳለቀ ነገር ነው የሚነገረው፣ በአረብኛውም «ዘወጅቱ» የሚባለው ዳርኩ ማለት ስለሆነ ነው። በል እንደገና።

 ጋሼ ምን እንዳሰበ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ የሀቢብን ኸላስ ነው ያሰብኩት።

«ዳርኩለት» አለ ወንድሜ። «እህቴን መኪያን ለሀቢብ ዳርኩለት።»

አባ ፈይሰልም «ተቀበልኩለት» አሉ። ሆነ። ሀቢብ አማርኛውን ባይሰማም መሆኑን አወቀ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ማዳም እልል አለች። አሥር ደቂቃ ሙሉ ሙሽራ ነበርኩ፤ ከዚያ ልብስ ማጠቢያው ጮኸ፣ ሄጄ አንሶላ አሰጣሁ።

ጣሪያው ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጋሼ ጠግቧል፣ ሸኹ ጠግበዋል፣ ሀቢብም ከመጀመሪያው ጠግቦ ነው የመጣው። እኔ አሁንም ነገን እንዲሰጠኝ እፈልጋለሁ። ባል ሆነኝ፤ ለባሌ ከዓመት በኋላ ትወደኛለህ ወይ ማለት ያሳፍራል ብዬ ዋጥኩት።

የሄድኩ ቀን አቧራ ነበር። ኤርፖርት ያደረሰኝ ሀቢብ ነው፤ ማዳም ከኋላ ተቀምጣ እያለቀሰች ሸኘችኝ፣ ከዚያ ሁለታችን እንድንሰናበት ብላ መኪናው ውስጥ ቀረች። መንገዱ፣ ሕንፃው፣ ሰማዩ ሁሉ አንድ ቀለም ሆኖ ሰው ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ አይታይም ነበር። በሩ ጋ ሻንጣዬን አወረደልኝ። ውሉ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ወር ተኩል ነው፤ ትኬቱ በኮምቦልቻ በኩል ነው፣ ሁሉንም ተነጋግረን ጨርሰናል። እኔ ላለማልቀስ ስለ ሻንጣው ቁልፍ እጨቀጭቀዋለሁ።

ሀቢብ አልሰማኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ ልቤ ጨርሷል ያለ ሰው፣ ሻንጣዬን መልሶ ይዞ አልለቅም አለ።

«ኢንተ ሁብ አና» አለኝ፣ «ቡክራ?»

ያችን ቃል ስለ ፍቅራችን ሲላት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ፈርቶ ኖሯል። ነገን አልናገርም ያለው ስላልፈራ መስሎኝ ነበር። እኔ እሱን ስጠይቀው ስኖር፣ እሱ እኔን አንድ ቀን አልጠየቀኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ ተናግሬ አላውቅም።

በዚያ በሚሳቅበት አረብኛ ልመልስለት አልፈለግኩም። በራሴ ቋንቋ ልስጠው ብዬ «እወድሃለሁ» አልኩት። ከኒካው ወዲህ አማርኛ ጥቂት ጥቂት ይዟል፣ ይህችን ቃል ግን ያውቃታል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ እንደ ተማሪ፣ ዛሬ የሚለውንና ነገ የሚለውን በጣቱ እያሳየ ጠየቀኝ፤ ይህቺ የዛሬዋ ናት፣ ወይስ የነገዋ?

አፌን ከፈትኩ። የነገዋን ልሰጠው ፈለግኩ፣ ከዛሬዋ የምትለየውን። እንጀራ እበላለሁ፣ ዛሬ። እንጀራ እበላለሁ፣ ነገ። እመጣለሁ። እጠብቅሃለሁ። እወድሃለሁ። አንድ በአንድ በልቤ ፈተሽኳቸው፤ ሁሉም ያው ናቸው። ያንን ሰው ስጨቀጭቀው የኖርኩት እኔው ራሴ በአፌ ላይ የሌለኝን ቃል አምጣ እያልኩ ነበር። ሳቅ መጣብኝ፣ ከሳቁ ጋር እንባውም መጣ፣ ሀቢብ ደግሞ መልሱን እየጠበቀ ያየኛል።

ሻንጣውን ከእጁ ቀስ አድርጌ ወሰድኩ።

«እኛ ጋ አንድ ናት» አልኩት። «አንለያትም።»